የሲሞስ ጌት ቆሞ ሳለ ለምን ኃይል አይበላም?

ሥራቸው አንድ የሆነ የሁለት ቺፖችን የመረጃ ሰነድ ጎን ለጎን እንይ። አንደኛው 7400 ነው፤ በባይፖላር ትራንዚስተር የተሠራ የቲቲኤል ቤተሰብ አባል። ሁለተኛው 74ኤችሲ00 ነው፤ በሲሞስ የተሠራ። ሁለቱም በሆዳቸው አራት አራት ናንድ ጌት ይዘዋል። ናንድ ጌት ሁለቱም ግብዓቶቹ 1 ሲሆኑ ብቻ 0 ያወጣል፤ በሌላው ሁኔታ ሁሉ 1 ነው። የ7400 ሰነድ አራቱም ውጤቶች 0 ላይ በቆሙበት ቺፑ እስከ 22 ሚሊአምፔር ሊወስድ እንደሚችል ይገልጻል። የ74ኤችሲ00 ሰነድ በ25 ዲግሪ ሙቀት የሚያስቀምጠው ጣሪያ 2 ማይክሮአምፔር ነው። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ያውም 2 ማይክሮአምፔር አምራቹ በጅምላ ሲፈትሽ ዋስትና የሚሰጥበት ጣሪያ ነው እንጂ ጤነኛ ቺፕ በተግባር የሚወስደው ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው፦ የላይኛውና የታችኛው ትራንዚስተር አብረው ስለማይከፈቱ ከረንት የሚያልፍበት መንገድ የለም። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ብዙ ነገር ይዘላል። ግብዓቱ ሦስትና አራት ሲሆን አብረው ላለመከፈታቸው ዋሱ ማን ነው? ከረንቱ ወደ ቀጣዩ ጌት ለምን አያመልጥም? ፍጆታው «ዜሮ» ሳይባል «ወደ ዜሮ የቀረበ» የሚባለውስ ለምንድን ነው?

ሬዚስተሩ በነበረበት ዘመን

ከሲሞስ በፊት የነበረውን አሠራር ማየት ነገሩን ያቀለዋል። ኤንሞስ የሚባለው ትራንዚስተር ሦስት ዋና እግር አለው፤ አንዱ መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከታችኛው እግር ከተወሰነ መጠን በላይ ሲበልጥ ትራንዚስተሩ ይከፈታል፣ ማለትም ከረንት ያሳልፋል። ያን መጠን የመክፈቻ ቮልቴጅ እንበለው። ከዚያ በታች ሲሆን ትራንዚስተሩ ይዘጋል።

በኤንሞስ ብቻ ናንድ ለመሥራት ሁለት ትራንዚስተሮች በተከታታይ ከውጤቱ እስከ መሬት ይደረደራሉ፤ ከውጤቱ እስከ 5 ቮልቱ ምንጭ ደግሞ ሬዚስተር፣ ወይም እንደ ሬዚስተር የሚሠራ ትራንዚስተር ይቀመጣል። ሁለቱም ግብዓቶች 1 ሲሆኑ የታችኛው መንገድ ተከፍቶ ውጤቱን ወደ መሬት ይስበዋል። ችግሩ ሬዚስተሩ መቼም አለመዘጋቱ ነው። 10 ኪሎኦም ቢሆን፣ ውጤቱ 0 ላይ በቆየበት ጊዜ ሁሉ 0.5 ሚሊአምፔር ከምንጩ ወደ መሬት ይፈሳል፤ ይህ 2.5 ሚሊዋት ነው። ጌቱ ምንም አያሰላም፤ «0 ነኝ» እያለ ብቻ ይሞቃል። አሥር ሺህ እንዲህ ያሉ ጌቶች በአንድ ቺፕ ላይ ቢኖሩና ግማሾቹ 0 ላይ ቢሆኑ 12.5 ዋት ሥራ ሳይሠራ ይቃጠላል።

ሬዚስተሩን ወደ 100 ኪሎኦም ማሳደግ ፍጆታውን በአሥር ያካፍላል። ነገር ግን ውጤቱን ወደ 1 የሚያነሳው ያው ሬዚስተር ስለሆነ፣ ከውጤቱ ጋር የተያያዘውን ካፓሲታንስ ለመሙላት አሥር እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሙቀትንና ዝግመትን እያማረጠ ይኖር ነበር። በ1974 የወጣው ኢንቴል 8080 የዚህ የኤንሞስ ዘመን ልጅ ነው።

መውጫው ግን ከዚያ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1963 የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ባልደረባ የነበረው ፍራንክ ዋንላስ ከቺ-ታንግ ሳ ጋር ሆኖ ቆሞ ሳለ በናኖዋት የሚቆጠር ኃይል ብቻ የሚወስድ ሎጂክ አቀረበ። በዚያው ዓመት ያመለከተበት የአሜሪካ ፓተንት በ1967 ተሰጠው። ሐሳቡ ሬዚስተሩን አውጥቶ በቦታው በተቃራኒው የሚታዘዝ ትራንዚስተር ማስገባት ነው። ፒሞስ የሚባለው ይህ ትራንዚስተር የሚከፈተው መቆጣጠሪያው ከላይኛው እግሩ በበቂ ሲያንስ ነው። አንዱ ግብዓት ለሁለቱም ይደርሳል፤ 1 ሲሆን የታችኛው ይከፈትና የላይኛው ይዘጋል፣ 0 ሲሆን ይገለበጣል።

መረቦቹ እንዴት ይሠራሉ

አንድ ግብዓት ላለው ገልባጭ ጌት ይህ ይበቃል። ግብዓቱ ሲበዛ ግን የላይኛው ክፍል ብቻውን የቆመ ትራንዚስተር መሆኑ ይቀርና መረብ ይሆናል። ከምንጩ ወደ ውጤቱ የተዘረጋው የፒሞሶች ስብስብ ወደ ላይ ሳቢ መረብ ነው። ከውጤቱ ወደ መሬት የተዘረጋው የኤንሞሶች ስብስብ ወደ ታች ሳቢ መረብ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ታች በተከታታይ የቆሙ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ታች ጎን ለጎን የቆሙ ላይ በተከታታይ ይቆማሉ።

በናንድ እንሞክረው። ታች ሁለቱ ኤንሞሶች በተከታታይ ስለሆኑ መንገዱ የሚከፈተው ሀ እና ለ ሁለቱም 1 ሲሆኑ ነው። ላይ ሁለቱ ፒሞሶች ጎን ለጎን ስለሆኑ ከሀ እና ከለ አንዱ እንኳ 0 ከሆነ መንገድ አለ። «ሁለቱም 1» እና «ቢያንስ አንዱ 0» የሚሉት አባባሎች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ አብረው ሐሰት መሆንም አይችሉም። የፈለግነው ዋስ ይህ ነው። አብረው እውነት ስለማይሆኑ ከምንጭ እስከ መሬት መንገድ አይከፈትም፤ አብረው ሐሰት ስለማይሆኑ ውጤቱ ባለቤት አጥቶ አይንሳፈፍም። በትምህርት ቤት የሚታወቀው የደ ሞርጋን ሕግ ነው፤ እዚህ በሽቦ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

ናንድ ቀላል ስለሆነ ሕጉን በደንብ አይፈትነውም። ትንሽ ጠንከር ያለ ጌት እንሥራ፤ «ሀ እና ለ፣ ወይም ሐ» የሚለውን አስልቶ መልሱን የሚገለብጥ። ከታች እንጀምር። ሀ እና ለ በተከታታይ ይቆማሉ፣ ሐ ከሁለቱ ጎን ብቻውን ይቆማል። አሁን ወደ ላይ እንገልብጠው። ሀ እና ለ ጎን ለጎን ይሆናሉ፣ ሐ ከእነሱ ጋር በተከታታይ ይገባል። ሦስት ኤንሞስና ሦስት ፒሞስ ወጣው፤ ይህ ደግሞ ልክ ሲዲ4007 የሚባለው ርካሽ ቺፕ በሆዱ የያዘው ነው። ስለዚህ ጌቱን በጠረጴዛ ላይ መሥራት ይቻላል። ሀ ወደ እግር 6፣ ለ ወደ እግር 3፣ ሐ ወደ እግር 10 ይገባል። እግር 2 እና 14 አንድ ላይ ወደ 5 ቮልት ይሄዳሉ። እግር 1፣ 13 እና 11 እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ይህ በላይኛው መረብ መካከል ያለው መገናኛ ነው። 8 ከ4 ጋር ይያያዛል። 5 ከ12 ጋር ተያይዞ ውጤቱ ይሆናል። 7 እና 9 መሬት ናቸው። አሥራ አራቱም እግሮች ሥራ አገኙ።

ፍጆታውን ለመለካት ከምንጩና ከእግር 14 መካከል 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ማስገባትና በላዩ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ማየት ይበቃል። 0.1 ሚሊቮልት ማለት 10 ናኖአምፔር ማለት ነው። 1 የሚሆኑ ግብዓቶች ወደ እግር 14፣ 0 የሚሆኑት ወደ መሬት በሽቦ ይታሰሩ። ስምንቱንም የግብዓት ዓይነቶች ብናዞር መለኪያው ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

አሁን ጀማሪ የሚሠራውን ስሕተት ሆን ብለን እንሥራ፤ ሐ የሚባለውን ፒሞስ በተከታታይ በማስገባት ፋንታ ጎን ለጎን እናድርገው። እግር 11 ወደ 14 ይሄዳል፣ 1 እና 13 ወደ 12። ሐ 1 ሆኖ ሀ ወይም ለ 0 በሆነ ቁጥር የታችኛው መረብ በሐ በኩል ይከፈታል፣ የላይኛውም በሀ ወይም በለ በኩል ይከፈታል። እነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ናቸው። ሐ 0 ሆኖ ሀ እና ለ 1 ሲሆኑም ያው ይደገማል። ከስምንቱ በአራቱ ከምንጭ እስከ መሬት ሾርት አለን ማለት ነው፤ በሬዚስተሩ ላይ የሚነበበው ከሚሊቮልት ክፍልፋይ ወደ ቮልት ይዘላል፣ ውጤቱም ከ0 እና ከ1 መካከል የትም ሊቆም ይችላል። የሚያስገርመው፣ በቀሩት አራት ሁኔታዎች ጌቱ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል።

ተቃራኒው ስሕተት የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ሦስቱም ፒሞሶች በተከታታይ ቢቆሙ ሾርት የለም፤ ግን ሐ 0 ሆኖ ከሀ እና ከለ አንዱ ብቻ 1 ሲሆን ላይም ታችም መንገድ ይዘጋል። ውጤቱ የቀድሞ ዋጋውን በካፓሲታንሱ ላይ ይዞ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ፈጣን ሙከራ «ልክ ነው» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ስሕተቱ የሚወጣው ጌቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ሲል ነው።

ሁለተኛው ግማሽ

እስካሁን ያየነው የራስን መንገድ መዝጋት ነው። የ7400 ጌት ግን ራሱ ባያፈስም ጎረቤቱ ያፈስበታል፤ ግብዓቱን 0 ለማድረግ የፊተኛው ጌት እስከ 1.6 ሚሊአምፔር መዋጥ አለበት። በሲሞስ መቆጣጠሪያው እግር ከሲልከኑ በኦክሳይድ ሽፋን የተነጠለ ነው። ለፊተኛው ጌት የሚታየው ትንሽ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ተሞልቶ ሲያበቃ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም። የመረቦቹ መደጋገፍ ብቻውን ዜሮን አይሰጥም ነበር፤ ይህ ሽፋንም የግድ ነው። ማስተማሪያዎች ይህን ግማሽ ለምን በአንድ ሐረግ እንደሚያልፉት አይገባኝም።

ካፓሲተሩን መሙላትና ማፍሰስ ግን ዋጋ አለው። ውጤቱ ወደ 1 ወጥቶ ወደ 0 በተመለሰ ቁጥር ከምንጩ C·V² ያህል ኃይል ይወጣል፤ ግማሹ ሲሞላ በፒሞሶቹ፣ ግማሹ ሲፈስ በኤንሞሶቹ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በሴኮንድ f ጊዜ ቢደጋገም P = C·V²·f ነው። 50 ፒኮፋራድ በ5 ቮልት በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢገላበጥ 1.25 ሚሊዋት ይሆናል። ሲሞስ ኃይል አይበላም የሚባለው ቆሞ ሳለ ነው፤ ሲሮጥ ይበላል።

ላይ ፒሞስ፣ ታች ኤንሞስ ብቻ የሚደረግበትም ምክንያት ከዚሁ ከዜሮው ጋር የተያያዘ ነው። ኤንሞስን ላይ ብናደርገው ውጤቱ ወደ ላይ ሲወጣ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል፤ የመክፈቻው ቮልቴጅ 1 ቮልት ከሆነ ከ4 ቮልት ግድም በላይ ሳይወጣ ይዘጋል። ለራሱ ጌት ይህ ጉዳት አይመስልም። ቀጣዩ ጌት ግን 4 ቮልት ተቀብሎ ኤንሞሱን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፣ ፒሞሱ ደግሞ በመከፈትና በመዘጋት ጠርዝ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ትንሽ ከረንት ሳያቋርጥ ያልፋል። አንዱ ጌት ያጓደለው ቮልቴጅ በሌላው ጌት ላይ ፍጆታ ሆነ።

ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ3.3 ቮልት የሚሠራ ቦርድ ውጤቱን በ5 ቮልት ለሚሠራ 74ኤችሲ ጌት ቢሰጥ፣ ፒሞሱ 1.7 ቮልት ልዩነት ያያል፤ ስለዚህ አይዘጋም። ሎጂኩ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ባትሪው ግን ያለምክንያት ያልቃል። ከዚህ የባሰው ግብዓትን ከምንም ሳያገናኙ መተው ነው። የተነጠለ መቆጣጠሪያ ያገኘውን ክምችት ይይዛል፤ መሃል ቮልቴጅ ላይ ከቆመ ሁለቱም ትራንዚስተሮች ይከፈታሉ። በሲዲ4007 ጌታችን ላይ የአንዱን ግብዓት ሽቦ ነቅሎ እጅን ማቅረብ ይበቃል፤ መለኪያው ወዲያና ወዲህ ይቅበዘበዛል። በቺፕ ውስጥ ያሉ ጥቅም ላይ ያልዋሉ ጌቶች ግብዓታቸው የግድ ከምንጭ ወይም ከመሬት የሚታሰረው ለዚህ ነው።

የዋንላስ ሐሳብ ወዲያው ገበያውን አልያዘም። ለእያንዳንዱ ግብዓት ሁለት ትራንዚስተር ይጠይቃል፣ ሁለቱን ዓይነት በአንድ ሲልከን ላይ መሥራት አስቸጋሪ ነበር፣ ፒሞሱም ዘገምተኛ ነው። አርሲኤ በ1968 ሲዲ4000 የሚባለውን ቤተሰብ ሲያወጣ ተጠቃሚዎቹ ከፍጥነት ይልቅ የባትሪ ዕድሜ ያሳሰባቸው ነበሩ። ሚዛኑ ማዘንበል የጀመረው ሂታቺ በ1978 ኤችኤም6147 የሚባለውን ሚሞሪ ሲያቀርብ ነው፤ በፍጥነት ከኢንቴል 2147 ጋር ተስተካክሎ 110 ሚሊአምፔሩን ወደ 15 አወረደው።

«ወደ ዜሮ የቀረበ» ማለት ምን ያህል ነው

የተዘጋ ትራንዚስተር በመጠኑ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። መቆጣጠሪያው ከመክፈቻው ቮልቴጅ በታች ሲወርድ ከረንቱ ወዲያው አይቆምም፤ በየተወሰነው ሚሊቮልት በአሥር እየተካፈለ ይወርዳል። በክፍል ሙቀት ለተራ ትራንዚስተር ይህ ርምጃ ከ60 ሚሊቮልት ሊያንስ አይችልም፤ የሙቀት ፊዚክስ ያስቀመጠው ወሰን ነው። በተግባር እስከ 100 ሊደርስ ይችላል።

100 ሚሊቮልት ወስደን እናስላ። በመክፈቻው ነጥብ ላይ 100 ናኖአምፔር ያልፋል እንበል። የመክፈቻው ቮልቴጅ 0.7 ቮልት ከሆነ፣ መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ሲቆም ሰባት ጊዜ በአሥር ተካፍሎ 10 ፌምቶአምፔር ይቀራል። አንድ ቢሊዮን እንዲህ ያሉ ትራንዚስተሮች ቢደመሩ 10 ማይክሮአምፔር ነው። አሁን የመክፈቻውን ቮልቴጅ ወደ 0.3 እናውርደው። እያንዳንዱ 100 ፒኮአምፔር ያፈስሳል፤ ቢሊዮኑ አንድ ላይ 0.1 አምፔር። በ0.4 ቮልት ቅናሽ አሥር ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

ታዲያ ነዳፊዎቹን ማን አውርዱት አላቸው? ያው የC·V²·f ቀመር ነው። የሩጫውን ፍጆታ ለመቀነስ V ወረደ፤ V ሲወርድ ፍጥነቱ እንዳይሞት የመክፈቻው ቮልቴጅም አብሮ መውረድ ነበረበት። የሩጫውን ወጪ ለመቆጠብ የቆመውን ዜሮ አስይዘው ተበደሩ ብል አላጋነንኩም። ሙቀት ደግሞ ይጨምርበታል፤ የዚያው የ74ኤችሲ00 ጣሪያ ከ25 ወደ 85 ዲግሪ ሲኬድ ከ2 ወደ 20 ማይክሮአምፔር ያድጋል።

ሁለተኛው ግማሽም ተሸረሸረ። በ90 ናኖሜትር ትውልድ የኦክሳይዱ ሽፋን 1.2 ናኖሜትር ያህል፣ ማለትም የጥቂት አቶሞች ውፍረት ነበር፤ ኤሌክትሮኖች ሰንጥቀውት ያልፉ ጀመር። ኢንቴል በ2007 በ45 ናኖሜትር ትውልድ በሃፍኒየም ላይ የተመሠረተ ወፍራም ሽፋን በማስገባት ይህን ቀዳዳ በአብዛኛው ደፈነው። የትራንዚስተሩ አካል እንደ ክንፍ ቆሞ መቆጣጠሪያው በሦስት ጎን ያቀፈበት አሠራርም ቀጥሎ መጣ፤ እሱ መዝጋቱን አጠበቀው እንጂ ከ60 ሚሊቮልቱ ወሰን አላለፈም።

የመረቡ ቅርጽ በዚህም ጉዳይ የራሱ ድርሻ አለው። በናንድ ጌት ሁለቱም ግብዓቶች 0 ሲሆኑ ሁለት የተዘጉ ኤንሞሶች በተከታታይ ይቆማሉ። ከመካከላቸው ያለው ነጥብ በሚንጠባጠበው ከረንት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ያኔ የላይኛው ኤንሞስ መቆጣጠሪያ ከታችኛው እግሩ ያነሰ ይሆንና ይበልጥ ይጠብቃል። ፍሳሹ አንድ ብቻ ተዘግቶ ከሚኖረው ወደ አንድ አሥረኛ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ጌት የዕረፍት ፍጆታ እንደቆመበት ግብዓት ይለያያል።

ይህ ሁሉ ከፈታሾች እጅ አንድ ጥሩ መሣሪያ ነጥቋል። ድሮ ቺፑን በአንድ ግብዓት ላይ አቁሞ የምንጩን ከረንት መለካት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጤነኛው ናኖአምፔር ሲወስድ፣ በሁለት ሽቦዎች መካከል ሾርት ያለበት ወይም ኦክሳይዱ የተበሳው ሺህ እጥፍ ይወስዳል፤ ሎጂኩ ገና ትክክል እየመለሰ ሳለ እንኳ ይታወቃል። አይዲዲኪው የሚባለው ፈተና ይህ ነው። ጤነኛው ቺፕ ራሱ በሚሊአምፔርና ከዚያ በላይ ሲያፈስስ ግን የአንድ ብልሽት 50 ማይክሮአምፔር በዚያ ውስጥ ይሰጥማል። ፈታሾች አሁን ፍጹም መጠኑን ትተው፣ ግብዓቱ ሲቀያየር ከረንቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ያነጻጽራሉ፤ ጤነኛው ፍሳሽ ከላይ እንዳየነው በመጠኑ ይለዋወጣል፣ ብልሽት ግን አንዳንድ ግብዓት ላይ ብቻ ድንገት ይዘላል።

ነዳፊዎቹ በበኩላቸው ሁለቱን መረቦች ከምንጩ የሚለይ ሦስተኛ በር ጨምረዋል። ለጊዜው ሥራ የሌለው የቺፑ ክፍል ከምንጩ ጋር የሚገናኘው የመክፈቻ ቮልቴጁ ከፍ ባለ ሰፊ ፒሞስ በኩል ይሆናል፤ ክፍሉ ሲያርፍ ያ ፒሞስ ይዘጋና ፍሳሹን ያንቃል። ዋጋው ግልጽ ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበረ መረጃ ቀድሞ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ይጠፋል፤ ሲነቃም ባዶ የቀረውን ካፓሲታንስ ሁሉ እንደገና መሙላት አለበት። ዕረፍቱ ከአንድ መጠን ካጠረ መዝጋቱ ከመተዉ የበለጠ ኃይል ይፈጃል፤ ስለዚህ መቼ መዝጋት እንደሚያዋጣ የሚወስን ሌላ ሎጂክ ሳይተኛ መቆየት አለበት፤ እሱም ራሱ ያፈስሳል።